ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ማረም

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት አረጋዊት እናቷንና ሁለት ልጆቿን ይዛ የ2018ቱን ጥምቀት ጎንደር ለማክበር ተነሳች እንበል። ዕቅድ እንዲያወጣላት ቻትጂፒቲን ትከፍትና በአማርኛ ትጽፋለች፦ «ለጥምቀት ከቤተሰቤ ጋር ጎንደር እሄዳለሁ። ጥር 9 ገብተን ጥር 13 እንመለሳለን። የአምስት ቀን ዕቅድ አውጣልኝ።» ዕቅዱ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፤ ያማረ ነው። ቀጥላ ለሆቴሉ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንዲጻፍላት ትጠይቃለች፤ እግረ መንገዷንም እናቷን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ክፍሉ ደረጃ የሌለው እንዲሆን ታሳስባለች። ሦስተኛው ጥያቄዋ ስለ ምግብ ነው፦ የትኞቹ ቀኖች ጾም ናቸው? አራተኛው ደግሞ ልጆቹ በየቀኑ የት የት እንደሚውሉ ነው።

ከዚያ ደብዳቤውን ልትልክ ስታነበው ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። የመግቢያው ቀን ጃንዋሪ 9፣ የመውጫው ጃንዋሪ 13 ተብሏል። ሞዴሉ ጥርን ጃንዋሪ አድርጎ ወስዶታል። እነዚህ ሞዴሎች ከተማሩበት ጽሑፍ አብዛኛው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስሕተት ያጋጥማል። በትክክል ሲቆጠር ጥር 9 ቀን 2018 ጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ነው፤ ጥር 13 ደግሞ ጃንዋሪ 21። ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። በተሳሳተው ዕቅድ ቢሄዱ ኖሮ ቤተሰቡ በዓሉ ስድስት ቀን ሲቀረው ጎንደርን ለቆ ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው አብዛኛው ሰው ሳያስብ የሚያደርገው ነው፤ ከታች አዲስ መልእክት ጽፎ «ተሳስተሃል፣ ያልኩህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» ማለት። ሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን መልእክት ማረም ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን ይለያያል። ልዩነቱን ለመረዳት እነዚህ ሞዴሎች ውይይትን እንዴት እንደሚይዙ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሞዴሉ በአንድ መልስና በሚቀጥለው መካከል የሚያስታውሰው ነገር የለም። አዲስ ጥያቄ በላክን ቁጥር ከውይይቱ የመጀመሪያ መልእክት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለው ሁሉ፣ የእኛ ጥያቄዎችም የራሱ መልሶችም፣ እንደገና ተሰብስቦ ይቀርብለታል። ክርክሩን ሰምቶ የማያውቅ አዲስ ዳኛ በየቀጠሮው መዝገቡን ከመጀመሪያ ገጽ እያነበበ ውሳኔ ቢሰጥ እንደማለት ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ነገር ለሱ አልተባለም፤ መዝገቡ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ፣ ስሕተትም ቢሆን፣ ይነበባል።

ሴትየዋ እርማቷን ከታች ከጻፈች መዝገቡ ውስጥ የተሳሳቱት ቀኖች ሁሉ ይቀራሉ። በዕቅዱ ውስጥ አሉ፣ በደብዳቤው ውስጥ አሉ፣ በምግቡ ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ በልጆቹ ፕሮግራም ውስጥም አሉ። እርማቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሞዴሉ ይቅርታ ጠይቆ ደብዳቤውን ያስተካክላል፤ ይህ አያቅተውም። ችግሩ የሚታየው ትንሽ ቆይቶ ነው። ቀኖቹ ሲለወጡ የሳምንቱ ዕለታትም አብረው ይለወጣሉ፤ ጃንዋሪ 9 ዓርብ ነው፣ ጃንዋሪ 17 ግን ቅዳሜ ነው። በአሮጌው ዝርዝር የመጀመሪያው ቀን ዓርብ በመሆኑ የጾም ምግብ ተይዞለታል። በትክክለኛው አቆጣጠር ቅዳሜ የሚገቡበት ቀን ጾም የለበትም፤ የጾሙ ቀን የሚመለሱበት ረቡዕ ነው፤ የጥምቀት ዋዜማ ገሃድም አለ። ሞዴሉ የቀኑን ቁጥር አርሞ «የመጀመሪያው ቀን፣ ጾም» የሚለውን ካለበት ሊተወው ይችላል። ማንም እንዲያርመው አልጠየቀውም፤ ከፊቱ ካለው ጽሑፍም ይህ መስመር ስሕተት መሆኑን የሚናገር የለም። ለአንባቢ ጥሩ ምልክት የሚሆነው ይህ ነው፤ ከእርማት በኋላ የሚመጣ መልስ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ከቁጥሩ ጋር የማይሄድ ዕለት፣ የጾም ቀን ወይም ቅደም ተከተል ካሳየ አሮጌው መልስ ከሥር እየሠራ ነው ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛውን መንገድ እንይ። በኮምፒውተር ከሆነ የመዳፊቱን ጠቋሚ የራሳችን መልእክት ላይ ስናደርገው ትንሽ የእርሳስ ምልክት ብቅ ይላል። በስልክ ከሆነ መልእክቱን ጣት ሳያነሱ ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ ከሚወጡት ምርጫዎች አንዱ የማረሚያው ነው። ጽሑፉ ይከፈታል፣ እናርመዋለን፣ እንልከዋለን። ወዲያው ከዚያ መልእክት በታች የነበረው ሁሉ ከፊታችን ይነሳና አዲስ መልስ መጻፍ ይጀምራል። በታረመው መልእክት ሥር ሁለት ትንንሽ ቀስቶችና በመካከላቸው `2/2` የሚል ቁጥር ይታያል። የአንትሮፒክ ሞዴል በሆነው ክሎድ ላይም አሠራሩ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው።

ቴሌግራም የለመደ ሰው እዚህ ጋ ሊደናገር ይችላል። በቴሌግራም የላክነውን መልእክት ስናርም ጽሑፉ ይለወጣል እንጂ ሰዎች ከሥሩ የመለሱት እንዳለ ይቆያል። በዚህኛው ግን እርማቱ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ከመስመር ያወጣዋል። ያወጣዋል እንጂ አያጠፋውም። የግራውን ቀስት ሲጫኑ `1/2` ይላል፤ አሮጌው ጥያቄ፣ አሮጌው ዕቅድ፣ ደብዳቤው፣ የምግቡ ዝርዝር፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ውይይቱ በውስጥ የሚቀመጠው እንደ ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱ መልእክት ከየትኛው መልእክት እንደተወለደ ተጽፎበታል። ከቻትጂፒቲ የራሱን ውይይቶች አውርዶ `conversations.json` የተባለውን ፋይል የከፈተ ሰው በየመልእክቱ አጠገብ `parent` እና `children` የሚሉ መስመሮችን ያገኛል። አንድ ወላጅ ሁለት ልጆች ካሉት ውይይቱ እዚያ ላይ ቅርንጫፍ አውጥቷል ማለት ነው።

ለሞዴሉ የሚቀርበው ታዲያ ዛፉ በሙሉ አይደለም። አሁን ከቆምንበት መልእክት ወደ ሥሩ የሚወስደው አንድ መስመር ብቻ ነው። በሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ ሆነን ስንጽፍ በመጀመሪያው ላይ የተባለው ሁሉ ላልተባለ ነው። የተሳሳተው ዓርብ የሚነበብበት ቦታ የለም። ለሴትየዋ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። የእናቷን የጉልበት ሕመም የተናገረችው በሁለተኛው መልእክቷ ነበር። የመጀመሪያውን መልእክት ስታርም ያ መልእክት በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ቀርቷል። አዲሱ ዕቅድ በትክክለኛው ቀን ይመጣል፤ አረጋዊቷን ግን የፋሲል ግንብን ደረጃ ሊያስወጣቸው ይችላል። ሴትየዋ «ነግሬው አልነበረም?» ትላለች። ነግራው ነበር፤ በሌላኛው መስመር ላይ። እኔ እንዳየሁት መልእክት የሚያርሙ ሰዎች በብዛት የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱን ብቻ ነቅለው የሚሄዱ ይመስላቸዋል፣ ከስሕተቱ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ አብረው እንደተዉት ግን ልብ አይሉም።

የሚሻለው ከማረም በፊት አሮጌውን ቅርንጫፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ማንበብና በመንገድ ላይ የተጨመረውን ቁም ነገር ሁሉ ወደ መጀመሪያው መልእክት ማውጣት ነው። የሴትየዋ የታረመ መልእክት እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «ለ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጎንደር እሄዳለሁ። ጥር 9 ገብተን ጥር 13 እንመለሳለን፤ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፣ ማለትም ከጃንዋሪ 17 እስከ 21 ቀን 2026። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ መውጣት አትችልም። የኦርቶዶክስ ጾም እንጠብቃለን። የአምስት ቀን ዕቅድ አውጣልኝ።» ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከአሮጌው ውይይት የተገኘ ነው። ያ ውይይት ምን መባል እንደነበረበት አሳይቷታልና በከንቱ አልቀረም።

ይህ የግምት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2025 የማይክሮሶፍትና የሴልስፎርስ ተመራማሪዎች አንድን ሥራ ለሞዴሎች በሁለት ዓይነት መንገድ ሰጥተው አወዳድረው ነበር፤ አንዴ ሙሉውን መረጃ በአንድ መልእክት፣ አንዴ ደግሞ ያንኑ መረጃ በውይይት ውስጥ ጥቂት በጥቂት። በሁለተኛው መንገድ ውጤቱ በአማካይ በ39 በመቶ ወረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሞዴሎቹ መረጃው ሳይሟላ ቸኩለው መልስ መስጠታቸውና ቀጥሎ ያንኑ የቸኮለ መልስ ይዘው መቅረታቸው ነበር። የሴትየዋም ነገር ከዚህ አይለይም። ሞዴሉ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይጠይቅ ዕቅድ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ዕቅድ ላይ ተገነባ።

አንባቢ ሌላም ነገር ሊጠይቅ ይችላል። እርማቱ ከተላከ በኋላ ደብዳቤው፣ የምግቡ ዝርዝርና የልጆቹ ፕሮግራም በራሳቸው ታርመው ይመጣሉ? አይመጡም። የሚመጣው የታረመው መልእክት ቀጥተኛ መልስ ብቻ ነው። ቀጣዮቹን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንደገና መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ በግራው ቀስት ወደ አሮጌው ቅርንጫፍ ሄዶ ጥያቄውን መቅዳት፣ በቀኙ ቀስት ተመልሶ እታች መለጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ያንኑ ጥያቄ ስለጠየቅን ያንኑ መልስ መጠበቅ የለብንም፤ የመልሱ ቅርጽ ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። በመጀመሪያው ቅርንጫፍ ደብዳቤው ሦስት አንቀጽ ከነበረ በሁለተኛው አንድ አጭር አንቀጽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ታዲያ ይህን ለውጥ ያመጣው እርማቱ ነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ የተሳሳተ ትምህርት የሚወሰደው ከዚህ ነው። ሞዴሉ መልሱን የሚጽፈው ቃል በቃል እየመረጠ ነው፤ ምርጫውም በየጊዜው ዕጣ ያለበት ነው። አንድን ጥያቄ አንዲት ፊደል ሳንለውጥ ሁለት ጊዜ ብንልክ ሁለት የተለያዩ መልሶች እናገኛለን። ስለዚህ በ`1/2` እና በ`2/2` መካከል የምናየው ልዩነት ከፊሉ የእርማታችን ውጤት ነው፣ ከፊሉ የዕጣ። «እባክህ» የሚል ቃል ጨምሮ የተሻለ ዕቅድ ያገኘ ሰው ያሻሻለው ቃሉ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል፤ ያለ ቃሉም ቢልከው ምናልባት ያንኑ የተሻለ ዕቅድ ያገኝ ነበር።

ለመለየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ። ከመልሱ ሥር ጥያቄው ሳይነካ መልሱን ብቻ እንደገና የሚያስጽፍ ቁልፍ አለ፤ በዚያ ሁለት ወይም ሦስት መልስ ማውጣት ነው። እነዚህም በቀስት ይገላበጣሉ። በሦስቱም መልሶች ሳይለወጥ የቆየው ነገር በአብዛኛው ከዕጣ የመጣ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚቀያየረው የዕጣ ነው። በሴትየዋ ምሳሌ ከታረመው መልእክት በወጡት መልሶች ሁሉ ከጃንዋሪ 17 እስከ 21 ያሉት ቀኖች ይጸናሉ፤ ይህ የእርማቱ ሥራ ነው። ፋሲል ግንብ በመጀመሪያው ቀን መሆኑና ደብረ ብርሃን ሥላሴ በሁለተኛው፣ ወይም የተገላቢጦሽ፣ ከመልስ መልስ ይቀያየራል፤ ይህን እርማቱ አላመጣውም። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያረመ ሰው ደግሞ ዕጣውን ቢለይም ከሦስቱ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይችልም። ለማወቅ የሚፈልግ አንድ አንድ እያረመ ይላክ፤ ጉዳዩን ለመጨረስ የሚፈልግ ግን ሁሉንም በአንዴ ቢያርም ምንም አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው የመጀመሪያውን መልእክት ስለማረም ነው። ሁልጊዜ ግን እስከ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሴትየዋ በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ዕቅዱን፣ ደብዳቤውንና የምግቡን ዝርዝር በትክክል አግኝታ በአራተኛው መልእክት «በጥምቀት ዕለት ሌሊት 9 ሰዓት ከሆቴል እንወጣለን፤ ልጆቹ ምን ያህል ሰዓት ይተኛሉ?» ብላ ጠየቀች እንበል። በእኛ ሰዓት ሌሊት 9 ሰዓት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 03:00 ነው። ሞዴሉ ግን ማታ 21:00 አድርጎ ሊያሰላው ይችላል። ስሕተቱ የገባው እዚህ ነውና የሚታረመውም ይህ አራተኛው መልእክት ብቻ ነው። «ሌሊት 9 ሰዓት፣ ማለትም 03:00» ብላ ትልከዋለች። ከላይ ያሉት ሦስት ጥያቄዎችና ሦስት መልሶች ሳይነኩ ይቆያሉ፤ አዲሱም ቅርንጫፍ እነሱን ይዞ ይቀጥላል። ደንቡን ባጭሩ ላስቀምጠው፤ ስሕተቱ መጀመሪያ የገባበትን መልእክት ፈልጎ እሱን ማረም ነው። ከዚያ በታች ያለውን ብናርም ስሕተቱ ከላይ ሆኖ መነበቡን ይቀጥላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብናርም ደግሞ ደህና የነበረውን እናጣለን።

ወደ ኋላ የማይመለስ ነገርም አለ። እርማቱ የሚቀለብሰው በዚህ ውይይት ውስጥ የሚነበበውን ብቻ ነው። ሴትየዋ የተሳሳተውን ደብዳቤ ቀድማ ለሆቴሉ ልካው ከነበረ ክፍሉ ለጃንዋሪ 9 ተይዟል፤ እዚያ ደውላ ማስለወጥ አለባት። ብዙም የማይታወቀው ደግሞ የማስታወሻው ነገር ነው። ቻትጂፒቲ ስለ ተጠቃሚው የሚያስቀምጠውና ወደ ሌሎች ውይይቶች የሚሻገር ማስታወሻ አለው። በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ሳለች «ጃንዋሪ 9 ወደ ጎንደር ትጓዛለች» የሚል ነገር ተመዝግቦ ከሆነ ያ ማስታወሻ ከዛፉ ውጭ ነው የሚቀመጠው፤ መልእክቱን ማረም አይነካውም። በታረመው ቅርንጫፍ ላይ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አሮጌው ቀን ብቅ ካለ መጀመሪያ መታየት ያለበት በ`Settings` ውስጥ `Personalization` በሚለው ሥር ያለው የማስታወሻ ዝርዝር ነው። ከዚያ ላይ አንድ በአንድ መሰረዝ ይቻላል።

ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ደግሞ ማግኘት ይቸግራል። ቀስቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የሚታዩትም በታረመው መልእክት ወይም እንደገና በተጻፈው መልስ ሥር ብቻ ነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «ያ ጥሩ ደብዳቤ የት ሄደ?» የሚል ሰው መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች ማሰስና በየመስቀለኛው የግራውን ቀስት መሞከር አለበት። ስለዚህ የሚፈለግ መልስ በአሮጌው ቅርንጫፍ ላይ ካለ ከማረም በፊት ወደ ሌላ ቦታ ቀድቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ሁለቱንም መንገዶች ጎን ለጎን ማስኬድ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ ከእናቷ ጋር የሚሆነውንና ያለ እናቷ የሚሆነውን ዕቅድ፣ ቻትጂፒቲ በሴፕቴምበር 2025 `Branch in new chat` የሚል ምርጫ ጨምሯል። ይህ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ውይይት ይዞ ለብቻው አዲስ ውይይት ይከፍታል፤ ሁለቱም በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ላይ በየስማቸው ይቀመጣሉ።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ማረም አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነበው እየቆራረጠ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቀርብለት ቁርጥራጭም ልክ አለው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ያንኑ ሐሳብ ከያዘ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በበለጠ ቁርጥራጭ ይከፋፈላል። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ ውይይት ቶሎ ይሞላል። ሴትየዋ በዕቅዱ መካከል ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ነገር መጠየቅ ካማራት፣ ለምሳሌ ስለ አፄ ፋሲለደስ ታሪክ፣ ትጠይቅና መልሱን ታንብብ፤ ከዚያ ያንኑ የታሪክ ጥያቄ ከፍታ በሚቀጥለው የጉዞ ጥያቄዋ ትተካው። ታሪኩ በግራው ቀስት ሲፈለግ ይገኛል፤ ወደ ሞዴሉ በሚሄደው መስመር ላይ ግን ቦታ አይይዝም፣ የጉዞውም ነገር ሳይቋረጥ ይቀጥላል።